አንድ መስፈርት ብቻ ጠይቂ፦ ሩብሪክ ይዞ "ውጤቴ ይታይልኝ" ማለት እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ለፕሮጀክት ሪፖርቴ ከ30 17 ተሰጠኝ። ሩብሪኩን ይዤ ራሴ ስቆጥረው ግን 22 ይመጣል። የኮርሱ ድምር 68 ሆኖ ቢ ማይነስ ወጣልኝ፤ ቢ የሚጀምረው ከ70 ነው። መምህሩን ሳላስቀይም "ይታይልኝ" የሚል ደብዳቤ እንዴት ልጻፍ? ጓደኞቼ "ተዪው፣ ይጠምድሻል" ይሉኛል። ሪፖርቱን፣ ሩብሪኩንና የነጥብ ዝርዝሩን ልኬልዎታለሁ።

መልስ፦

አብሽሪ እህቴ፣ የሚጠየቅ ነገር አለሽ። ሃያ ሁለቷን ግን እርሻት። በእሷ ከሄድሽ በእጅሽ ያለውንም ታጪዋለሽ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ እንዲገባሽ መጀመሪያ አብረን እንቁጠር።

ሩብሪክሽ አምስት መስፈርት አለው። የችግሩ አቀራረብና ዓላማ ከ4፣ ዘዴና የናሙና አወሳሰድ ከ8፣ ውጤትና ትንተና ከ10፣ አጻጻፍና አደረጃጀት ከ4፣ ማጣቀሻ ከ4። የተሰጠሽ በቅደም ተከተሉ 3፣ 4፣ 5፣ 3፣ 2 ነው። ድምሩ 17 ይመጣል፤ መደመሩ ልክ ነው። ሁልጊዜ ከዚህ ጀምሪ። የድምር ስህተት ካለ ነገሩ ቢሮ በር ላይ በአንድ ደቂቃ ያልቃል፣ ደብዳቤም አያስፈልገው።

አንቺ 22 ያገኘሽው ዘዴውን ከ4 ወደ 7፣ ትንተናውን ከ5 ወደ 7 ከፍ አድርገሽ ነው። ሁለቱንም ከሩብሪኩ ቃል ጋር አስተያየኋቸው።

ዘዴው ላይ ሩብሪኩ "መካከለኛ" ብሎ 3 ወይም 4 የሚሰጠው "የናሙና ቦታዎች ተጠቅሰዋል፤ የተመረጡበት ምክንያት አልተገለጸም" ለሚባል ሪፖርት ነው። "ጥሩ" ብሎ 5 ወይም 6 የሚሰጠው ደግሞ "የናሙና ቦታዎችና የተመረጡበት ምክንያት ተገልጸዋል" ለሚባለው ነው። አሁን ሪፖርትሽን ገጽ 9 ላይ ግለጪው። ከቦርከና ወንዝ ሦስት ቦታ ናሙና እንደወሰድሽ ጽፈሻል። ከሥሩ ካርታ አለ። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ጠርዙ ላይ "ለምን ሦስት? ለምን እነዚህ?" ብለው ጠይቀዋል። መልሱ ግን አለ። ካርታው የገጹን ግማሽ ስለያዘ ማብራሪያሽ ወደ ገጽ 10 አልፏል። እዚያ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አንዱ ቦታ ከከተማው በላይ፣ ሁለተኛው መሀል ከተማ፣ ሦስተኛው ከከተማው በታች የተመረጠው ውሃው ከተማውን ሲያቋርጥ የሚመጣውን ለውጥ ለማየት እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል።

እንግዲህ ማስረጃሽ ይቺ ናት። መምህሩ የነፈጉሽ ነጥብ የለም። የፈለጉት ነገር በሚቀጥለው ገጽ ላይ ስለነበር አላዩትም። ስልሳ ሪፖርት ከፊቱ የተከመረ ሰው ጥያቄውን ጠርዝ ላይ ጽፎ ነጥቡን ሰጥቶ ማለፉ ብዙ የሚገርም አይደለም።

ግን 7 አይገባሽም። "በጣም ጥሩ" የሚለው ሳጥን ከምክንያቱ በተጨማሪ "ናሙናው በድግግሞሽ ተወስዷል" ይላል። አንቺ ከእያንዳንዱ ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀዳሽው። ስለዚህ ማስረጃሽ የሚያደርስሽ እስከ "ጥሩ" ነው፤ 5 ወይም 6።

ትንተናው ላይ ነገሩ ይለያል። "ጥሩ" ለመባል ሩብሪኩ "የተለኩት ሁሉ ከመስፈርት ጋር ተነጻጽረዋል" ይላል። ፒኤቹን ከ6.5 እስከ 8.5 ካለው የመጠጥ ውሃ ወሰን ጋር አነጻጽረሻል። ጎበዝ። የድፍርስነቱን ልኬት ግን ሰንጠረዥ ውስጥ አስቀምጠሽ ዝም ብለሻል። 5 ኤንቲዩ የሚለውን ወሰን የትም ቦታ አልጠቀስሽም። "ሁሉ" የሚለው ቃል እዚያ ሩብሪኩ ውስጥ እያለ ይሄን ክርክር አታሸንፊውም። ማጣቀሻውንም አየሁት። ከዘጠኙ ምንጮች ሁለቱ ዝርዝሩ ላይ አሉ፣ ጽሑፉ ውስጥ ግን አልተጠቀሱም። 2 ነጥቡ አግባብ ነው።

ስለዚህ የምትጠይቂው አንድ መስፈርት ነው። 5 ብታገኚ ድምርሽ 69 ይሆናል፣ ቢ ማይነሱ አይነቃነቅም። 6 ብታገኚ 70 ትገቢያለሽ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሰጥሽ የመምህሩ ውሳኔ ነው። ሩብሪኩም በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ቁጥር ያስቀመጠው ለዚህ ነው። ይሄን ቀድመሽ ካልተቀበልሽው ደብዳቤውን ባትጽፊው ይሻልሻል።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደሴ ሳስተምር የግሬድ ቅሬታ የሚያይ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ አውቃለሁ። አምስቱንም መስፈርት የሚቃወም ደብዳቤ ሲመጣ አንባቢው የሚፈልገው ደካማውን ነጥብ ነው። ያንን ካገኘ ጠንካራውንም አብሮ ይጥለዋል። አንዱን ብቻ የያዘና ሌላው ላይ "ይሄ ልክ ነው፣ ተቀብያለሁ" የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ግን ሰው ቀና ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ የድፍርስነቱን ጉድለት ራስሽ ተናገሪው። የምታጪው ነገር የለም፣ ነጥቡ ቀድሞውኑ ተቀንሷል።

ደብዳቤው ውስጥ የማይገቡትን ልንገርሽ። ግሬዱን አትጥቀሺ። "ቢ ማይነስ"፣ "ለ70 ሁለት ነጥብ ቀረኝ" የሚል ነገር አይግባ። መምህሩ ድምሩን ያውቁታል። አንቺ ስታነሺው ግን ስለ ገጽ 10 የነበረው ጥያቄ "ማርክ ጨምሩልኝ" ወደሚል ልመና ይለወጣል። የቤተሰብ ችግር፣ የጤና ነገር፣ "ሲጂፒኤዬ ይወርዳል" የሚለውም እንደዚያው ነው። እውነት ቢሆንም ሩብሪኩ ላይ ቦታ የለውም።

የጓደኛሽን ወረቀት ደግሞ በፍጹም አታንሺ። "እከሌ እንደኔ ጽፎ 6 አግኝቷል" ስትዪ ሁለት በር ትከፍቻለሽ። አንዱ የጓደኛሽም ወረቀት እንደገና እንዲታይ ነው። ሌላው "ለምን ተመሳሰላችሁ?" የሚል ጥያቄ ነው። ከሁለቱም ጥሩ ነገር አይወጣም።

"ተበድያለሁ"፣ "ፍትሕ"፣ "አግባብ ያልሆነ" የሚሉ ቃላትም ይቅሩ። እንደነዚህ ያሉ ቃላት ዲፓርትመንት ኃላፊው ፊት እንጂ መምህሩ ፊት አይቀርቡም፤ ያም ካስፈለገ ነው። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ፤ ግልባጭ። የእኛ አገር ደብዳቤ ሲያልቅ እጃችን ሳናስበው "ግልባጭ፦ ለዲፓርትመንቱ ኃላፊ" ብሎ ይጽፋል። በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ይሄን ካደረግሽ መምህሩ የሚያነቡት ከታች ወደ ላይ ነው። ግልባጩን ያያሉ፣ እንደተከሰሱ ይቆጥሩታል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጨዋ ቃል ሁሉ ዋጋ ያጣል። ጓደኞችሽ "ይጠምድሻል" የሚሉት ብዙውን ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው። መምህርን የሚያስቀይመው ጥያቄው ራሱ ሳይሆን ሳያውቅ አለቃው ዘንድ መቅረቡ ነው። ጥያቄ ራሱ የሚያናድደው መምህር የለም አልልሽም፣ አለ። እሱ ዘንድም ቢሆን ግን አጭርና ገጽ የጠቀሰ ወረቀት ከቃል ክርክር ይሻላል።

አሁን ደብዳቤውን ልጻፍልሽ። ክፍት የተውኩትን አንቺ ሙዪው።

ቀን፦ ______ ዓ.ም

ለመምህር ______
ኮምቦልቻ

ጉዳዩ፦ በፕሮጀክት ሪፖርቴ ላይ አንድ የሩብሪክ መስፈርት በድጋሚ እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በሪፖርቴ ጠርዝ ላይ ለጻፉልኝ አስተያየትም አመሰግናለሁ። አስተያየትዎን ከሩብሪኩ ጋር እያስተያየሁ አንብቤዋለሁ።

"ዘዴና የናሙና አወሳሰድ" በሚለው መስፈርት ከ8 4 አግኝቻለሁ። ገጽ 9 ላይም "ለምን ሦስት? ለምን እነዚህ?" የሚል ጥያቄ ጽፈውልኛል። የቦታዎቹ አመራረጥ ምክንያት በገጽ 10 የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ይገኛል። ካርታውን ገጽ 9 ላይ በማስገባቴ ማብራሪያው ከጥያቄው ቦታ ተለይቶ ወደሚቀጥለው ገጽ አልፏል። ሩብሪኩ በ"ጥሩ" ደረጃ "የናሙና ቦታዎችና የተመረጡበት ምክንያት ተገልጸዋል" ስለሚል፣ ይህ አንቀጽ ግምት ውስጥ ገብቶ መስፈርቱ በድጋሚ እንዲታይልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ናሙናውን በድግግሞሽ ስላልወሰድኩ ከዚያ በላይ ያለውን ደረጃ እንደማላሟላ ተረድቻለሁ። በ"ውጤትና ትንተና" በኩልም የድፍርስነቱን ልኬት ከመስፈርት ጋር አለማነጻጸሬን ከአስተያየትዎ በኋላ አይቻለሁ። በሌሎቹ መስፈርቶች ላይ ጥያቄ የለኝም።

ለማየት እንዲያመችዎ የገጽ 9ና 10 ቅጂ እንዲሁም የሩብሪኩን ቅጂ አባሪ አድርጌአለሁ። በሚመችዎ የምክር ሰዓት ቀርቤ ማስረዳትም እችላለሁ። የሚሰጡኝን ውሳኔ በአክብሮት እቀበላለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ስም ______
መታወቂያ ቁጥር ______
ኮርስና ሴክሽን ______
ፊርማ ______

አባሪ፦ 3 ገጽ

እዚህ ላይ ደብዳቤው አለቀ። ከአንድ ገጽ አይለፍ። ካለፈ የምትቆርጪው ከምስጋናው ነው እንጂ ከገጽ ቁጥሩ አይደለም።

ሁለት ቦታ ላይ ልቆይ። "ካርታውን ገጽ 9 ላይ በማስገባቴ" የሚለው ዓረፍተ ነገር ዝም ብሎ የገባ አይደለም። "አላዩትም" ብትዪ መምህሩ ራሳቸውን መከላከል አለባቸው። "ገጹ ላይ ያለው አቀማመጥ ለየው" ስትዪ ግን ማንም ሳይዋረድ ነጥቡ የሚስተካከልበት መንገድ ተገኘ። ውሸትም የለበትም፤ የሆነው እንደዚያው ነው።

ሌላው የሩብሪኩን ቃል መጥቀስ ነው። በራስሽ አማርኛ አታሳምሪው። የኮርሱ ሩብሪክ በእንግሊዝኛ ከሆነ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን እንዳለ ገልብጠሽ በትእምርተ ጥቅስ አስገቢው፣ ደብዳቤው በአማርኛ ቢሆንም። "ሩብሪኩ ምክንያት ካለ ጥሩ ይላል" የሚል ጭማቂ ንግግር አንባቢውን ሩብሪኩን ወደመፈለግ ይልከዋል። ስንቱ ነው የሚፈልገው? አባሪው ላይም ያቺን ሳጥን በእርሳስ ክበቢያት። ገጽ 10ንም እንዲሁ፤ አንቀጹ ጎን አንዲት መስመር ይበቃል። ሁሉንም በማርከር አታቅልሚው።

ከመላክሽ በፊት አንድ ነገር አረጋግጪ። የያዝሽው ሩብሪክ ፕሮጀክቱ ሲሰጥ የተሰጠው ራሱ ነው? አንዳንዴ መምህሩ ከሴሚስተሩ መሀል ያስተካክሉትና አዲሱን በቴሌግራም ግሩፕ ይለቁታል። ተማሪው ደግሞ የድሮውን ፎቶኮፒ ይዞ ይከራከራል። የነጥብ ዝርዝርሽ ላይ ያሉት የመስፈርቱ ስሞችና "ከ8"፣ "ከ10" የሚሉት ቁጥሮች ከያዝሽው ጋር ከገጠሙ ችግር የለም። ያንቺ ገጥሟል።

እንደገና ሲታይ ነጥብ ሊቀንስም እንደሚችል እወቂው። "አንድ መስፈርት" ብሎ መጠየቅ ይሄን አደጋ ያጠብበዋል፣ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። ያንቺን ሪፖርት ሳየው የሚያሰጋ ቦታ አላገኘሁም።

አሰጣጡ ላይ የእኔ ምክር ይሄ ነው። አትመሽ፣ ፈርመሽ፣ በምክር ሰዓታቸው ራስሽ አድርሺው። "መምህር፣ ሪፖርቴ ላይ አንዲት ነገር እንዲያዩልኝ ነው፣ ገጹን ጽፌዋለሁ" ብለሽ ሰጥተሽ ውጪ። ቆመሽ አታስነብቢያቸው። ሰው ፊቱ ላይ ተማሪ ቆሞ ሲያነብ ቶሎ የሚመጣለት መልስ "አይሆንም" ነው። በዚያው ቀን ፒዲኤፉን በኢሜይል ላኪው፣ "ዛሬ በእጅ ያደረስኩት ደብዳቤ ቅጂ ነው" ብለሽ። ቀኑ የሚመዘገብልሽ በዚህ ነው። መምህሩን "ተቀብያለሁ ብለው ይፈርሙልኝ" ማለት ያሻክራል፣ አልመክርሽም። በሌሊት በቴሌግራም "ሰላም መምህር" ብሎ ጀምሮ መጠበቅንም ተዪው።

ጊዜ ግን አትፍጂ። የግሬድ ቅሬታ የማቅረቢያ ገደብ አለው፤ ገደቡም ከተቋም ተቋም ይለያያል። የዲፓርትመንቱን ጸሐፊ ጠይቂ ወይም የሴኔት ሌጂስሌሽኑን የፈተናና የግሬድ ክፍል አንብቢ። ግሬዱ ሬጅስትራር ከገባ በኋላ መምህሩ ቢስማሙም እንኳ ብቻቸውን አይቀይሩትም። የግሬድ ማስተካከያ ቅጽ ይሞላል፣ ዲፓርትመንቱም ይፈርማል። ስለዚህ ገና ሬጅስትራር ካልደረሰ የዛሬዋ ቀን ከነገዋ ትበልጣለች።

መልሳቸው "አይቻለሁ፣ በቂ ምክንያት አይደለም" ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ "ቦታውን ነግረሽኛል፣ ለምን ሦስት ብቻ እንደሆነ ግን አልነገርሽኝም" ቢሉሽ እውነት አላቸው። ገጽ 10 ስለ ቦታው እንጂ ስለ ቁጥሩ ብዙም አይልም። ያኔ 5 ቢሰጡሽ አመስግነሽ ውጪ፤ 4ትን ቢያጸኑ ደግሞ ከሩብሪኩ የትኛው ቃል እንደጎደለ አንድ ጊዜ ጠይቂ። ሩብሪኩ የሚለው "ቦታዎችና ምክንያት" ነው፤ ስለ ቁጥር አይናገርም። ይሄን በትሕትና ማሳየት ትችያለሽ። ሁለተኛ ዙር ግን አትሂጂበት።

ዝም ካሉ፣ አራት አምስት የሥራ ቀን ጠብቀሽ በእግርሽ ሄደሽ "ያን ደብዳቤ ለማየት ጊዜ አገኙ?" በያቸው። ያም ካልሠራና ገደቡ ከቀረበ፣ ያኔ ለዲፓርትመንቱ ኃላፊ ትጽፊያለሽ። አዲስ ክርክር አትፍጠሪ። ያንኑ ደብዳቤ፣ ያንኑ አባሪ፣ የኢሜይሉን ቀን ጨምረሽ "እስካሁን ምላሽ ስላላገኘሁ" በሚል አንድ አንቀጽ ሸፍነሽ አስገቢው። ይሄኛውን በጸሐፊዋ በኩል ገቢ አስደርገሽ ቁጥሩንና ቀኑን ያዢ። ለመምህሩ ግልባጭ የሚደረገውም በዚህኛው ላይ ነው፣ ከጀርባቸው እንዳልሄድሽ እንዲያውቁ። ብዙ ዲፓርትመንት ከዚህ በኋላ ወረቀቱን ለሌላ መምህር ወይም ለኮሚቴ ያሳያል። የማያውቅሽ ሰው ሪፖርትሽን ሲይዝ የሚመራው ያቺ "ገጽ 10፣ የመጀመሪያ አንቀጽ" የምትል ሐረግ ናት።

ከተስተካከለልሽ ደግሞ "ተስተካክሏል" የሚለውን ቃል ይዘሽ ወደ ቤት አትሂጂ። ቅጹ ሬጅስትራር መድረሱን ጠይቂ፣ ከዚያ የግሬድ ሪፖርትሽ ላይ ፊደሉ ተቀይሮ እስክታዪው ድረስ የደብዳቤሽን ቅጂ አትጣይው።